ፋርማሲው ማዶ ተሻግሯል፣ ካርታው ግን አልሰማም

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጇን ትኩሳት የያዘባት እናት ስልኳን አውጥታ ካርታው ላይ «ፋርማሲ» ብላ ትፈልጋለች። ቅርቡ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። የስልኩን ቀስት ተከትላ ስትደርስ ከፊቷ የምታገኘው የቆርቆሮ አጥር ነው። የአካባቢው ዘበኛ ከጎጇቸው ብቅ ብለው «እሱማ ወደ ማዶ ከተዛወረ ቆየ እኮ» ይሏታል።

ይህች እናት ለምሳሌ የቀረበች ናት፤ ገጠመኙ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት መንገድ ሲሰፋ፣ ቤት ሲፈርስና ሱቅ ሲዛወር የስልክ ካርታዎች ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ካርታው ኦፕንስትሪትማፕ ከሆነ ግን እርማቱን ራሷ እናቲቱ፣ ዘበኛው ወይም ይህን የሚያነቡ እርስዎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተርና በቦታው ላይ የተያዘ ማስታወሻ ነው። ከዚህ በታች አንዱን ፋርማሲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተለዋለን። ስሙን ለምሳሌ ያህል «ፀሐይ ፋርማሲ» ብለነዋል።

1. ስሕተቱ የየትኛው ካርታ እንደሆነ ያጣሩ

ስልክዎ ላይ ያለው ካርታ ሁሉ ከአንድ ምንጭ አይቀዳም። ጉግል ማፕስ የራሱ የመረጃ ቋት አለው፤ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሚሠሩት እርማት እዚያ አይደርስም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ደግሞ ካርታቸውን የሚቀዱት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ሌላ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ የካርታውን ጥግ ወይም ስለ መተግበሪያው የሚገልጸውን ገጽ ይመልከቱ። © OpenStreetMap contributors የሚል ጽሑፍ ካለ ምንጩ እሱ ነው።

ይህን ሳያጣሩ የሚጀምሩ ሰዎች openstreetmap.org ላይ ሲገቡ አንዳንዴ ቦታው ቀድሞውኑ ተስተካክሎ ያገኙታል። ያኔ ችግሩ ያለው ስልኩ ላይ ወርዶ የቆየው አሮጌ ካርታ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ካርታውን እንደገና ማውረድ ብቻ ነው።

2. ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን መዝገብ ያንብቡ

ዓይን የሚያየው ቀለም የተቀባ ሥዕል ነው፤ የሚታረመው ግን ሥዕሉ አይደለም። ከጀርባው የመረጃ ቋት አለ፣ ሥዕሉም ከዚያ እየተነበበ ይሳላል። በቋቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከሦስት ዓይነት አካላት ይሠራል። የመጀመሪያው ነጥብ ነው፦ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያለው አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ፋርማሲ ወይም የመንገድ ላይ በር። ሁለተኛው በተርታ የተያያዙ ነጥቦች የሚሠሩት መስመር ነው። መንገድ መስመር ነው፤ ዞሮ መነሻው ላይ ሲገጥም ደግሞ የሕንፃ ዙሪያ ይሆናል። ሦስተኛው ብዙ አካላትን በአንድ ጥላ ሥር የሚያሰባስብ ስብስብ ነው፤ የአውቶቡስ መስመር የሚመዘገበው በዚህ መንገድ ነው። ገጹ ላይ እነዚህ node፣ way እና relation ተብለው ይታያሉ።

ነጥብ ብቻውን ምን እንደሆነ አይናገርም። የሚናገሩት የተለጠፉበት መለያዎች ናቸው። እያንዳንዱ መለያ በእኩል ምልክት የተከፈለ ነው፤ ከግራው ጥያቄ፣ ከቀኙ መልስ አለ። amenity=pharmacy ማለት «ምን አገልግሎት ይሰጣል? ፋርማሲ» እንደ ማለት ነው።

መዝገቡን ለማየት openstreetmap.org ላይ ቦታውን አቅርበው፣ በቀኝ በኩል ካሉት ምልክቶች Query features የሚለውን ይጫኑና ፋርማሲው ላይ ጠቅ ያድርጉ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፋርማሲውን ሲመርጡ መለያዎቹ ይዘረዘራሉ። የእኛ ፋርማሲ እንዲህ ተመዝግቦ ተገኘ እንበል፦

```
amenity=pharmacy
name=Tsehay Pharmcy
opening_hours=02:00-04:00
```

ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ስሕተቱ ግን ብዙ ነው። ነጥቡ ያለው በፈረሰው ቤት ላይ ነው፣ የእንግሊዝኛው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፣ የአማርኛ ስም የለም፣ ሰዓቱም ፋርማሲው በውድቅት ሌሊት ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚከፈት አስመስሎታል። ካርታው ላይ የተሳለውን ብቻ ያየ ሰው ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ አርሞ ይሄድ ነበር።

እዚያው ገጽ ላይ የመዝገቡን ስሪት ቁጥርና መጨረሻ የተነካበትን ጊዜ ይመልከቱ። ስሪቱ 3 ከሆነ ከእርስዎ በፊት ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል ማለት ነው። መጨረሻ የተነካው ባለፈው ሳምንት ከሆነ ከመቸኮልዎ በፊት ያ ሰው የጻፈውን ምክንያት ያንብቡ፤ ምናልባት እርስዎ ያላወቁትን ለውጥ ያውቅ ይሆናል። ቁጥሩን ይያዙት፣ መጨረሻ ላይ ያስፈልጋል።

3. በእግር ሄደው ያረጋግጡ

ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ክርክር የሚፈታው መሬት ላይ ባለው ነገር ነው። ስለዚህ ከቦታው ይዘው የሚመለሱት ማስታወሻ ከማንኛውም ሰነድ ይበልጣል። የታፔላውን ፎቶ ያንሱ፣ የሥራ ሰዓቱን ከበሩ ላይ ወይም ከባለሙያው ይጠይቁ፣ ፋርማሲው ከየትኛው ሕንፃ በስተየት እንዳለ ይጻፉ። «ከመንገዱ በስተምሥራቅ፣ ከባንኩ ቀጥሎ ሁለተኛው በር» የሚል አንድ መስመር ስልኩ ከሚሰጠው ቁጥር የተሻለ ይጠቅማል። ቋቱ የቦታን ቁጥር እስከ ሰባት አስርዮሽ ይይዛል፤ ይህም አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ስልክ ግን ሰማዩ ገላጣ በሆነበት እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፣ በፎቆች መሀል ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሊያሻግርዎ ይችላል። ቁጥሩ ረጅም ስለሆነ ብቻ ትክክል ነው ብለው አይመኑት።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከሌላ ካርታ በመገልበጥ ነው። ከጉግል ማፕስ ስም ወይም ቦታ አይቶ መቅዳት፣ የመንገድ ላይ ፎቶዎቹን ጨምሮ፣ ክልክል ነው። የታተመ ካርታም እንደዚያው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር። የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ምንጩ እስከተጠቀሰና ፈቃዱ እስከተከበረ ድረስ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚሰራጭ ስለሆነ፣ የሌላ ሰው ንብረት ከገባበት ተለይቶ ይሰረዛል፤ የእርስዎም ድካም አብሮ ይሄዳል። የሚፈቀደው በዓይንዎ ያዩት፣ በራስዎ ካሜራ ያነሱትና በማረሚያው ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተፈቀዱት የሳተላይት ምስሎች ናቸው።

4. እርማት ወይስ ማስታወሻ?

ቦታውን አይተው ነገር ግን እንዴት እንደሚታረም እርግጠኛ ካልሆኑ፣ ወይም በእጅዎ ያለው ስልክ ብቻ ከሆነ፣ ማስታወሻ መተው ይበቃል። Add a note to the map የሚለውን ምልክት ተጭነው ጠቋሚውን ቦታው ላይ ያኑሩትና ይጻፉ። ሌላ በጎ ፈቃደኛ አንብቦ ያርመዋል። አካውንት ከፍተው ቢጽፉ ይሻላል፤ ጥያቄ ካለ መልሱ ወደ እርስዎ ይመጣል።

«ፋርማሲው የለም» የሚል ማስታወሻ ለአራሚው ምንም አይጠቅመውም። ተዘግቶ ይሁን፣ ተዛውሮ ይሁን፣ መቼ እንደታየም አያውቅም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ሥራውን ያቀልለታል፦ «ፀሐይ ፋርማሲ እዚህ የለም፣ ቤቱ ፈርሷል። ከመንገዱ በስተምሥራቅ ከባንኩ ቀጥሎ ተዛውሯል። ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በአካል ታይቷል።» የሰው ስምና የግል ስልክ አይጻፍ፤ ማስታወሻው ለዓለም ሁሉ ይታያል።

ራስዎ ለማረም ከወሰኑ አካውንት ግዴታ ነው። ከገቡ በኋላ ቦታውን አቅርበው Edit ሲጫኑ iD የተባለው ማረሚያ እዚያው ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል፤ የሚጫን ፕሮግራም የለም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ይህ የመለማመጃ ሰሌዳ አይደለም። የሚያስቀምጡት ሁሉ ወዲያው እውነተኛው ካርታ ላይ ይገባል።

5. ነጥቡን ያንቀሳቅሱ፣ አያጥፉት

ፋርማሲው ስለተዛወረ አሮጌውን ነጥብ ሰርዞ አዲስ መትከል ይቀልል ይመስላል። ችግሩ የነጥቡ ታሪክ መቋረጡና የቀደሙ ሰዎች የጨመሯቸው መለያዎች አብረው መጥፋታቸው ነው። ይልቅ ነጥቡን በመዳፊት ይዘው ወደ አዲሱ ቦታ ይጎትቱት። ያው ፋርማሲ ነው፣ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። በአሮጌው ቦታ ሌላ ሱቅ ተከፍቶ ካዩ ለእሱ የራሱን አዲስ ነጥብ ይትከሉ።

አሁን ወደ አሳሳቹ ነገር እንምጣ፤ ከሥር የሚታየው የሳተላይት ምስል የትናንት ሳይሆን ከዓመታት በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚያስከትለው የታወቀ ስሕተት አለ። አንዱ ቦታውን አይቶ የፈረሰውን ቤት ከካርታው ይሰርዛል። ከወር በኋላ ሌላው፣ ከተማዋን ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፣ ምስሉ ላይ ጣሪያ ስለሚያይ «ይህ ቤት ተረስቷል» ብሎ መልሶ ይሥለዋል። ስለዚህ የፈረሰ ቤት በምስሉ ላይ ገና የሚታይ ከሆነ አይሰርዙት። building=yes የሚለውን መለያ ወደዚህ ይለውጡት፦

```
demolished:building=yes
```

ያኔ ቤቱ ከሥዕሉ ይጠፋል፣ በማረሚያው ውስጥ ግን መስመሩ ይቆያል። ቀጣዩ አራሚ ቤቱ ያልተሳለው ተረስቶ ሳይሆን ፈርሶ እንደሆነ ያያል።

ምስሉ ከመሬቱ ትንሽ ሊንሸራተትም ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ በአካባቢው ያሉ መንገዶችና ሕንፃዎች ሁሉ ከምስሉ በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ተዛንፈው ከታዩ የተሳሳተው ምስሉ ነው እንጂ ሰዎቹ አይደሉም። መንገዶቹን አንድ በአንድ ወደ ምስሉ ከመጎተት በጎን ካለው የምስል ዝርዝር ሌላ ምስል መርጠው ያስተያዩ፤ የምስሉን አቀማመጥ ራሱን ማስተካከያም እዚያው አለ።

6. ስሙንና ሰዓቱን በካርታው ቋንቋ ይጻፉ

ስሙ ታፔላው ላይ እንዳለው ይጻፋል። ታፔላው «ፀሐይ» ካለ እርስዎ ትምህርት ቤት የተማሩት «ጸሐይ» ቢሆንም ታፔላውን ይከተሉ። ዋናው name የአካባቢው ሰው የሚያነበውን ስም ይይዛል፤ ከዚያ በየቋንቋው ለየብቻ ይጨመራል፦ ለአማርኛ name:am፣ ለእንግሊዝኛ name:en፣ ለኦሮምኛ name:om፣ ለትግርኛ name:ti። ሁሉንም በአንድ መስመር በእዝባር አጣብቆ መጻፍ ፍለጋውን ያበላሸዋል። በቋንቋው ታፔላ ላይ ያልተጻፈ፣ ሰውም የማይጠራበት ስም ከራስ ተርጉሞ መጨመርም አያስፈልግም።

ሰዓቱ ላይ ኢትዮጵያዊ አራሚ በቀላሉ የሚሠራው ስሕተት አለ። ፋርማሲው በሩ ላይ «ከ2፡00 እስከ 4፡00» ብሎ ለጥፏል፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያነበው፤ 02:00 ለእሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የፋርማሲያችን መዝገብ የተበላሸው በዚህ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 08:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 ጀምሮ ላለው 18 ይደምሩ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት 22:00 ነው፤ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱለት። 12 ሰዓት ብቻ ለብቻው ይታወስ፤ የንጋቱ 06:00፣ የማታው 18:00 ነው። የምሳ ዕረፍት ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ በነጠላ ሰረዝ ይከፈላል። ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከ7፡30 እስከ 11፡30 የሚሠራ ቢሮ 08:30-12:30,13:30-17:30 ተብሎ ይጻፋል።

የቀን አቆጣጠሩም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ቦታው በአካል የታየበትን ቀን የሚይዘው check_date የአውሮፓውያኑን ዘመን ነው የሚቀበለው። ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ያዩትን 2018-05-12 ብለው ቢጽፉ መረጃው ገና ሲወለድ የዓመታት ዕድሜ ያለው ይመስላል። ትክክለኛው 2026-01-20 ነው። የታረመው መዝገብ ይህን ይመስላል፦

```
amenity=pharmacy
name=ፀሐይ ፋርማሲ
name:am=ፀሐይ ፋርማሲ
name:en=Tsehay Pharmacy
opening_hours=Mo-Su 08:00-22:00
check_date=2026-01-20
```

7. መንገዱ ራሱ ተሳስቶ ከሆነ

አንዳንዴ ፋርማሲው በቦታው ሆኖ ስልኩ የሚመራበት መንገድ ያሳስታል፦ በሁለት ደቂቃ የሚደረሰውን ዙሪያ ጥምጥም ያደርገዋል፣ ወይም በተዘጋ የሰፈር በር አስገብቶ ያቆማል። ሦስት ነገር በተርታ ይመልከቱ።

አንደኛ፣ መንገዶቹ በእርግጥ ተገናኝተዋል? ሁለት መስመሮች ሥዕሉ ላይ ተነካክተው ይታያሉ፤ መንገድ አመላካቹ ግን የሚሻገረው አንድ ነጥብ ሲጋሩ ብቻ ነው። በማረሚያው ውስጥ እስከ መጨረሻው ሲያቀርቡ መሀላቸው ስንዝር የምታህል ክፍተት ካለች ለስልኩ ገደል ናት። የመስመሩን ጫፍ ይዘው ወደ ሌላው ሲጎትቱት ይጣበቃል። በተቃራኒው ድልድይና ከሥሩ የሚያልፍ መንገድ ነጥብ መጋራት የለባቸውም፤ ቢጣበቁ ስልኩ መኪናውን ከድልድይ ላይ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይለዋል።

ሁለተኛ፣ መንገዱ oneway=yes ከሆነ ቀስቶቹ ወዴት ያመለክታሉ? የአንድ አቅጣጫ ጉዞ የሚነበበው መስመሩ ከተሳለበት አቅጣጫ ነው። ቀስቱ ተገልብጦ ካገኙት መስመሩን መርጠው V ሲጫኑ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ በሩ። የሰፈር በር barrier=gate ተብሎ መመዝገብ ያለበት በራሱ በመንገዱ መስመር ላይ ባለ ነጥብ ነው። ከመንገዱ ጎን ለብቻው የተተከለ በር ሥዕሉ ላይ ያምራል እንጂ ማንንም አያስቆምም። በሩ ለነዋሪዎች ብቻ የሚከፈት ከሆነ access=private ይጨመርበት።

መስመር ከመሰረዝ ግን ይቆጠቡ። የአውቶቡስ መስመር የሚያልፍበት አንድ ቁራጭ መንገድ ቢሰረዝ ስብስቡ መሀሉ ተበጥሶ ይቀራል፤ በኋላ ያንኑ መንገድ መልሰው ቢሥሉት እንኳ አዲሱ ቁራጭ የስብስቡ አባል አይሆንም።

8. ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይከታተሉ

Save ሲጫኑ ማረሚያው ምን እንደሠሩ በአጭሩ እንዲጽፉ ይጠይቃል። «እርማት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነገ ለውጡን የሚያይ ሰው እርስዎን ለማመን ያለው መነሻ ይህ አንድ መስመር ነው። «ፋርማሲው ወደ መንገዱ ማዶ በመዛወሩ ነጥቡ ተንቀሳቅሷል፣ ስምና ሰዓት ታርሟል፤ በአካል ታይቷል» ይበሉ። እርግጠኛ ካልሆኑ ሌላ ሰው እንዲያይልዎ የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ Upload ይጫኑ። የአዲስ አበባውንና የሐዋሳውን ሥራ በአንድ ጊዜ አያስቀምጡ። አንድ ላይ የተቀመጠ ለውጥ በአንድ ሣጥን ስለሚታይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን አገር ሁሉ የነካ ይመስላል፣ የሚከታተሉትንም ያደናግራል።

openstreetmap.org ላይ ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታደሳል። አሮጌው ሥዕል አልሄድ ካለ ብራውዘሩ ያስቀመጠው ሊሆን ስለሚችል ገጹን እንደገና ይክፈቱ። ስልክ ላይ የወረደ ካርታ ግን ሌላ ነገር ነው። መተግበሪያው አዲሱን መረጃ በራሱ ጊዜ አዘጋጅቶ እስኪያወጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ ተጠቃሚውም አውርዶ ማደስ አለበት።

ወር አልፎ፣ ካርታው ወርዶ ታድሶ፣ ፋርማሲው አሁንም ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ከታየ ወደ መዝገቡ ይመለሱና የስሪት ቁጥሩን ይዩ። 3 የነበረው 4 ሆኖ የእርስዎን እርማት ይዞ ከቆመ መዝገቡ ደህና ነው፣ የዘገየው መተግበሪያው ነው። 5 ሆኖ ካገኙት ከእርስዎ በኋላ ሌላ ሰው ነክቶታል። ያ ሰው የጻፈውን ምክንያት ከፍተው ያንብቡ፤ ለውጡ ሥር አስተያየት መጻፊያ ቦታ ስላለም መቼና የት እንዳዩ ገልጸው ይጠይቁት። ሰውየው ከአሮጌ ምስል ተነስቶ ነጥቡን መልሶት ከሆነ፣ በስልክዎ ያነሱት የታፔላ ፎቶ ጉዳዩን ይቋጨዋል።